ለዶክተር ሰላም፦ ስለ አቶ ዳዊት የልብ ምርመራ ውጤት

ውድ ዶክተር ሰላም፣

አቶ ዳዊትን ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የ34 ዓመቱ መምህር ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ እንዳለባቸው አረጋግጠናል። ዓይነቱ ከግራ የልብ ክፍል የሚወጣውን ደም መንገድ የሚያጠብበው ነው። በመላኪያ ወረቀቱ ላይ «ሙርሙሩ ሲቆሙ ይጎላል፣ ቁጢጥ ሲሉ ይቀንሳል» ብለው ጽፈው ነበር። እኔም ስሰማው ልክ እንዳሉት ነው። ያቺ አንድ መስመር ብዙ ጊዜ አትርፋልናለች።

ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ከጀመራቸው ስምንት ወር ገደማ ሆኗል። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ አውቶቡስ ለመያዝ ሲሮጡ ዓይናቸው ጨለመባቸው፤ ግን ራሳቸውን አልሳቱም። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ አስም ነው ተብለው የሳልቡታሞል ፓፍ ይወስዱ ነበር። የትንፋሽ ምርመራቸው ደህና ነው፣ ፓፉም ምንም አልረዳቸውም። እንዲያውም መዘጋቱን ሊያባብሰው ስለሚችል አስቁሜዋለሁ።

የደም ግፊታቸው 122/76 ነው። የግፊት በሽታ ኖሯቸው አያውቅም፤ የአኦርታ ቫልቫቸውም ጤነኛ ነው። ስለዚህ ለውፍረቱ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም። ኢሲጂው ላይ የግራ ልብ ውፍረት ምልክትና የተገለበጡ ቲ ሞገዶች አሉ። በኢኮ ሁለቱን የታች ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ 19 ሚሊሜትር ወፍሯል። የግራ የላይኛው ክፍል 43 ሚሊሜትር ነው። ልብ ሲኮማተር የሚትራል ቫልቩ ወደ ግድግዳው ይሳባል፣ መጠነኛ ደምም ወደ ኋላ ይመልሳል። የግፊት ልዩነቱ በእረፍት 24፣ አምጠው ሲተነፍሱ ደግሞ 62 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። በእረፍት ብቻ ለክተን ቢሆን ኖሮ መዘጋቱ ያመልጠን ነበር። የልብ የመግፋት አቅም 68 በመቶ ነው። በኤምአርአይ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ታየ። የ48 ሰዓት ሆልተሩ ንጹሕ ነው።

ብዙ ያሳሰበኝ የድንገተኛ ሞት ጉዳይ ነው። በአውሮፓውያኑ ቀመር የአምስት ዓመት ስጋታቸው 3 በመቶ ገደማ ወጣ፤ ከ4 በታች ስለሆነ ቀመሩ አይሲዲ አስገቡ አይልም። ነገር ግን አጎታቸው በ35 ዓመታቸው ሜዳ ላይ ወድቀው ሞተዋል። ቀመሩ የሚቆጥረው የቅርብ ቤተሰብን፣ ማለትም ወላጅን፣ ወንድምና እህትን፣ ልጅን ነው። አጎትን አይቆጥርም። እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከአቶ ዳዊት ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርንበት። ለጊዜው መሣሪያው ይቆይ አሉ፤ እኔም ተስማምቻለሁ። ራሳቸውን ከሳቱ፣ ወይም ሆልተር ላይ ፈጣን የታችኛው ክፍል ምት ከታየ ውሳኔውን ወዲያው እንደገና እናየዋለን።

ሜቶፕሮሎል በቀን 50 ሚሊግራም ጀምረዋል። እባክዎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግፊታቸውንና የልብ ምታቸውን ይዩልኝ። ምታቸው ከ60 በላይ ከሆነና ካላዞራቸው ወደ 100 ያሳድጉት። ይህ ካልበቃ ቬራፓሚል ወይም ዳይሶፒራሚድ አለ፤ ማቫካምተንም አለ። ከዚያም አልፎ ግድግዳውን በቀዶ ሕክምና ማሳሳት ይቻላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ናይትሬት፣ አምሎዲፒን፣ ኤናላፕሪል፣ ሲልዴናፊልና ዲጎክሲን አይስጧቸው። ደም ሥርን የሚያሰፋ ሁሉ መዘጋቱን ያባብሰዋል። የደረት ሕመም ይዟቸው ቢመጡ ናይትሬት ምላስ ሥር ማድረግ ልማዳችን ነው፤ ለእሳቸው ግን አደገኛ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸው ፈሳሽ ቶሎ ይተኩላቸው፤ የሽንት መድኃኒትም ያለ ምክክር አይጀምሩላቸው። ይህን ካርዳቸው ላይ በጉልህ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከያዛቸው ደግሞ የስትሮክ ነጥብ ሳይቆጥሩ ደም ማቅጠኛ ይጀምሩ፣ ለኔም ይደውሉልኝ።

ምርመራውን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጆቼስ?» ብለው ነው። በሽታው በዘር የሚተላለፍ ሲሆን እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የዘር ምርመራ ናሙና ወስደናል። ውጤቱን ሳንጠብቅ የ9ና የ6 ዓመት ልጆቻቸው፣ ሦስቱ ወንድምና እህቶቻቸው፣ በሕይወት ያሉት እናትና አባታቸውም ኢሲጂና ኢኮ ይሠሩ። ልጆቹ ጤነኛ ሆነው ቢገኙም ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት እየቆዩ፣ አዋቂዎቹ በየሦስት እስከ አምስት ዓመት ይደገምላቸዋል። ቤተሰቡን የሚያውቋቸው እርስዎ ስለሆኑ ይህን ጥሪ ከእርስዎ አፍ ቢሰሙ ይሻላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጃቸው ጋር ኳስ ይጫወታሉ። ፈጣን ሩጫና ውድድር ለጊዜው እንዲያቆሙ ነግሬያቸዋለሁ። በእግር መሄድና ቀላል እንቅስቃሴ ግን ይጠቅማቸዋል፤ ፈርተው ቤት እንዳይቀመጡ ያበርቷቸው። ብዙ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ረጅም ዕድሜ እንደሚኖሩም ነግሬያቸዋለሁ፣ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብለው ደውለዋል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ እኔ ጋ ይመለሳሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ልባቸው በኃይል ከመታባቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይላኩልኝ።

በአክብሮት፣
ዶክተር ኤልያስ
የልብ ሐኪም