የትናንቱ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ፦ ተቆርጠው ስለደረሷችሁ መልሶች

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሂሩት፣

ትናንት ከሰዓት ለከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ ቦታ ስላነጋገራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ታግሳችሁ መልሳችሁ ስላስገባችሁኝም ጭምር።

እንዳያችሁት የኔ ኢንተርኔት ከመሃል ጀምሮ ይቆራረጥ ነበር። ካሜራውን ዘጋሁ፣ በኋላም በስልኬ ዳታ ገባሁ፤ ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው አልተስተካከለም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ኢንተርኔቱ ለማማረር አይደለም። አንድ መልሴ ከተናገርኩት ተቃራኒ ሆኖ ደርሷችኋል ብዬ ስለምሰጋ ነው።

አቶ ዳንኤል የጠየቁኝ ይህን ነበር፦ ወር መዝጊያ ቀን ነው፣ የባንክ ስቴትመንቱና ሌጀሩ አልገጠሙም፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ አለቃሽ ሪፖርቱን ይጠብቃል፤ ምን ታደርጊያለሽ? መልሴን የጀመርኩት ብዙ ቦታ የሚደረገውን በመናገር ነው። ልዩነቱን ልዩ ልዩ ወጪ ላይ ጥሎ ወሩን መዝጋት የተለመደ ነው አልኩ። ቀጥዬም እኔ ይህን እንደማላደርግና ለምን እንደማላደርግ አስረዳሁ። ድምፄ ሲመለስ አቶ ዳንኤል «እሺ፣ ወጪ ላይ ትይዢዋለሽ ማለት ነው» አሉና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። «አይደለም» ብዬ ነበር፤ እሱም የደረሰ አይመስለኝም። ለሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንዲህ ያለ መልስ የሰጠችኝን አመልካች አልቀጥርም።

ሙሉው መልስ ይኸው።

መጀመሪያ በጊዜ የሚስተካከለውን እለያለሁ። ጽፈን ሰጥተን ባንክ ያልቀረበ ቼክ አለ። እኛ አስገብተን ባንኩ ገና ያልመዘገበው ገንዘብ አለ። እነዚህ ስህተት አይደሉም፤ ማስታረቂያው ላይ ተዘርዝረው ይቆያሉ። ቀጥሎ ባንኩ የሚያውቀውን እኛ ግን ያልመዘገብነውን እመለከታለሁ፦ የአገልግሎት ክፍያ፣ ወለድ፣ ተመላሽ የሆነ ቼክ። ለእነዚህ ሰነዱን ይዤ ሌጀሩ ላይ ማስተካከያ እሠራለሁ።

ከዚህ በኋላ የሚቀር ነገር ካለ ቁጥሩን ራሱን አየዋለሁ። ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ አሃዝ ተገላብጦ ተጽፎ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። 54,300 መሆን ያለበት 45,300 ተብሎ ቢመዘገብ ልዩነቱ 9,000 ነው። ዴቢት መሆን የነበረበት ክሬዲት ሆኖ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ የዚያ ሂሳብ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ቁጥር ሌጀሩ ላይ እፈልጋለሁ። ሁለቱም ፍንጭ ናቸው እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም። ቢሆንም ብዙ ሰዓት ይቆጥባሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተገኘና ሪፖርቱ የግድ መውጣት ካለበት፣ ልዩነቱን ሰስፔንስ አካውንት ላይ ለብቻው እይዘዋለሁ። መጠኑን፣ ማን እንደሚከታተለውና መቼ እንደሚጣራ ጽፌ ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ። ወጪ ላይ አልጥለውም። ልዩነቱ ትንሽ መሆኑ ስህተቱ ትንሽ ነው ማለት አይደለምና። በአንድ በኩል የተጋነነና በሌላ በኩል የተቀነሰ ሁለት ትልልቅ ስህተቶች ተቻችለው ትንሽ ቁጥር ብቻ ሊያሳዩ ይችላሉ። ወጪ ላይ ከጣልኩት ሁለቱም ተቀብረው ይቀራሉ፤ የሚፈልጋቸውም አይኖርም።

በቃል ከመተረክ በሰንጠረዥ ማየት ይቀላል ብዬ አንድ ገጽ የባንክ ማስታረቂያ ናሙና አያይዣለሁ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ራሴ ያዘጋጀኋቸው ናቸው። ከሠራሁበት ቦታ የወጣ ምንም መረጃ የለበትም።

ሁለተኛው ነገር የውስጥ ኦዲት ባልደረባችሁን ይመለከታል። ስማቸውን ሲያስተዋውቁ ድምፁ ስለተቆረጠ ሳልይዘው ቀርቻለሁ፤ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ጥያቄ ጠይቀውኝ ዝም ብዬ ያየኋቸው መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። ስክሪኔ ላይ ምስላቸው ቆሞ ነበር፤ ጥያቄው እንደተጠየቀ እንኳ አላወቅኩም። ሲደግሙልኝ ሰዓቱ አልቆ ስለነበር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት።

ጥያቄያቸው የሂሳብ ክፍሉ ሦስት ሰው ብቻ ቢኖረው ሥራን እንዴት ትከፋፍያለሽ የሚል ነበር። ክፍያ የሚያጸድቀው፣ ክፍያውን የሚፈጽመውና ከባንክ ጋር የሚያስታርቀው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ሦስት ሰው ካለ ይህ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ፈቃድ ሲወጣ ነው። ያኔ ሁለት ሥራ አንድ እጅ ላይ ይወድቃል። በዚያ ጊዜ ከሂሳብ ክፍሉ ውጪ ያለ ኃላፊ የባንክ ስቴትመንቱን በቀጥታ ከባንኩ ተቀብሎ እንዲያየው አደርጋለሁ፤ በኛ እጅ ዞሮ እንዲደርሰው አላደርግም። የተመለሰው ባልደረባም የቀረበትን ጊዜ ክፍያዎች ከነሰነዳቸው መርጦ ያያል። ሙሉ መፍትሔ ነው አልልም። ግን ሰው እስኪሟላ ክፍተቱን ያጠባል።

ስለ ስቶክ ቆጠራው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቆጣሪዎቹ የመዝገቡን ቁጥር ሳያዩ ይቁጠሩ ያልኩት ተሰምቷል ብዬ አስባለሁ። ያልተሰማው ቀጣዩ ነው። ልዩነት ሲገኝ ጠፋ ወይም ተሰረቀ ከመባሉ በፊት በቆጠራው ዋዜማና ማግስት የገቡትንና የወጡትን ዕቃዎች ሰነድ አያለሁ። ዕቃው መጋዘን ገብቶ ሰነዱ ሂሳብ ክፍል ያልደረሰበት ብዙ ጊዜ አለ። የመጋዘን ሠራተኛን ስም ያለ ማስረጃ ማንሳት ደግሞ በኋላ ይቅርታ ቢጠየቅም የሚጠገን አይደለም።

የቀሩትን መልሶች አልነካም። ስለምትጠቀሙበት የሂሳብ ሶፍትዌር ስጠየቅ ሠርቼበት አላውቅም ያልኩት በደንብ ተሰምቷል፤ እንደዚያው ነው። ተሰምቶ ያለፈን መልስ በደብዳቤ ማሳመር ለሌሎቹ አመልካቾች ፍትሐዊ አይሆንም።

አሠራራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ከአቶ ዳንኤልና ከኦዲት ባልደረባችሁ ጋር 15 ደቂቃ በስልክ ብንነጋገር ደስ ይለኛል። ሰኞና ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ረቡዕ ደግሞ ሙሉ ቀን እመቻለሁ። በተለመደው የስልክ ጥሪ ቢሆን እመርጣለሁ። ቪዲዮ የግድ ከሆነም ኬብል ያለው መስመር ያለበት ቢሮ ከጓደኛዬ ተፈቅዶልኛል፤ ከዚያ እገባለሁ። ለሁሉም አመልካች አንድ ዙር ብቻ ከሆነ የምትሰጡት ግን እረዳለሁ። ያኔ ይህ ደብዳቤ ከማመልከቻዬ ጋር ተያይዞ ለጠያቂዎቹ እንዲደርስ ብቻ እጠይቃለሁ። በተለይ የባንክ ማስታረቂያውን ክፍል አቶ ዳንኤል ውጤት ከመስጠታቸው በፊት ቢያዩት ትልቅ ውለታ ነው።

ስልክ ቁጥሬ ማመልከቻዬ ላይ ያለው ነው፤ አልተቀየረም። ካላነሳሁ መልእክት ይላኩልኝ፣ ወዲያው እደውላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሰላማዊት

አባሪ፦ የባንክ ማስታረቂያ ናሙና፣ 1 ገጽ