ጉዳዩ፦ ስለ ኬክ ካርቶኑ ቀሪ ክፍያ፣ 43,125 ብር

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወ/ሮ ሰናይት፣

እንደምን አሉ? ትናንት ማታ የላኩልንን መልዕክት ዛሬ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ አነበብኩት። «ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ለምን ትነዘንዙኛላችሁ» ብለዋል። ቅር ቢልዎት አይፈረድብዎትም። ከፍሎ የጨረሰ ሰው «ክፈል» ሲባል ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አለ። ትናንት የወረቀት ከረጢት ናሙና ያመጣው ልጃችን፣ ካሸሩ ጋ ደንበኛ ቆሞ እያለ «ቀሪ ሂሳብ አለባችሁ» ማለቱን ጽፈውልኛል። ጠርቼ ጠየቅሁት፤ ብሏል። ክፍያ የመጠየቅ ሥራ የእሱ አይደለም፣ በሰው ፊት መባሉ ደግሞ ጨርሶ ልክ አይደለም። ባይከፍሉ እንኳን እንደዚያ መባል አልነበረበትም። በጣም አዝናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሂሳብ ከእኔ በቀር ማንም አያናግርዎትም፤ ለልጆቹ በሙሉ ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልግባ። እኛ ጋ ያለው እንዲህ ነው። 1,500 የኬክ ካርቶን በ50 ብር ሂሳብ 75,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫት 11,250 ብር፣ በድምሩ 86,250 ብር። መስከረም 8 ቀን ግማሹን፣ 43,125 ብር፣ ቀብድ ከፍለዋል። እሱ ገብቶ ተመዝግቧል። ካርቶኑን መስከረም 27 አስረከብን። ቀሪው 43,125 ብር እስከ ጥቅምት 15 እንዲከፈል ነበር የተስማማነው። መዝገባችን ላይ ስላላገኘነው ነው ማክሰኞ ዕለት ማስታወሻ የላክንልዎት።

እርስዎ ደግሞ «በ12 ከፍያለሁ» ብለዋል። እንደማምንዎት በግልጽ ልንገርዎት። ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን ስንሠራ ክፍያ አሳልፈው አያውቁም። ስለዚህ ማስረጃ የምጠይቅዎት ቃልዎን ተጠራጥሬ አይደለም። ገንዘቡ የት እንደገባ ወይም የት እንደቀረ በቶሎ ለማግኘት እንዲረዳኝ ነው።

ትናንት ማታውኑ ንግድ ባንክ ያለውን ሂሳባችንን ከጥቅምት 12 እስከ 19 መስመር በመስመር አየሁት። 43,125 የሚል የለም። ዛሬ ጠዋት መልዕክትዎን ደግሜ ሳነብ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «በ12» ያሉት በየትኛው አቆጣጠር ነው? የባንኩ መልዕክት የሚመጣው በፈረንጆች ቀን ነው። ከስልክዎ መልዕክት ላይ አይተው ከሆነ 12 ያሉት ኦክቶበር 12 ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በእኛ ጥቅምት 2 ነው፣ እሑድ። ያን ጊዜ ከሆነ እኔ ያየሁት ስቴትመንት ላይ ጭራሽ አይገኝም፤ አሥር ቀን አለፍ ብዬ ነው የፈለግሁት ማለት ነው። እስከ ጥቅምት 5 ያለው ስቴትመንት አሁን እጄ ላይ የለም። የሂሳብ ባለሙያችን ለግብር ማሳወቂያ ወስዶታል፣ ነገ ጠዋት ይመልስልኛል። ሰዓቱንም እንዲሁ ልብ ይበሉልኝ፤ መልዕክቱ ላይ 14:20 የሚል ካለ በእኛ ከቀኑ 8:20 ነው።

ሌላም የጠረጠርኩት አለ። ቀብዱና ቀሪው በሳንቲም እንኳን አይለያዩም፤ ሁለቱም 43,125 ናቸው። ገንዘቡ ገብቶ እያለ፣ መዝገብ ላይ የምትጽፈው ልጅ «ይሄ የተደገመ ነው» ብላ ዘልላው ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ስህተት ካለ በብዛት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከመስከረም 8 ጀምሮ በዚህ መጠን የገባውን ሁሉ አንድ በአንድ እያጣራሁ ነው። ከንግድ ባንኩ ሌላ ያለንን ሁለተኛ የባንክ ሂሳብና የቴሌብሩንም እጨምራለሁ። ገንዘቡ በሌላ ሰው ስም ገብቶ ከሌላ ደንበኛ ሂሳብ ጋር ተደባልቆ እንደሆነም አያለሁ።

ከእርስዎ የምፈልገው የከፈሉበትን ማስረጃ ነው። የቱ እንደሚሻል ልንገርዎት።

በንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ ከላኩ፣ ባንኩ የላከልዎትን አጭር መልዕክት ወደዚህ ስልክ ያስተላልፉልኝ። ፎቶ ቢያነሱትም ይሆናል፤ ግን ጽሑፉ ራሱ ቢመጣ ይሻላል፣ ቁጥሩን ሳልሳሳት ስለምፈልግበት። ዋናው የሚያስፈልገኝ FT ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ቀኑን ራሱ ይነግረናል። ከFT ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጆቹ ዓመት ናቸው፤ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያሳያሉ። ለምሳሌ መስከረም 8 የከፈሉት ቀብድ FT25261 ብሎ ነው የሚጀምረው። የሚልኩልኝ በFT25261 የሚጀምር ከሆነ የቀብዱ ነው፣ እሱን አግኝተነዋል። FT25285 ከሆነ ጥቅምት 2 ነው። FT25295 ከሆነ ጥቅምት 12። እሑድ የተላከ ከሆነ ቁጥሩ የሰኞውን ይዞ FT25286 ሊሆን ስለሚችል በዚያ እንዳይሳሳቱ። ከላክሁበት ቀን ጋር አልገጠመም ብለው አይጨነቁ፣ እንዳለ ይላኩልኝ።

በስልክዎ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ መልዕክቶች ካሉ ሁለቱንም ይላኩልኝ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢመጡልኝ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

በቴሌብር ከሆነ ከ127 የመጣውን መልዕክት ይላኩልኝ፤ የግብይት ቁጥሩ እሱ ላይ አለ። ባንክ ሄደው በመስኮት ከከፈሉ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ፎቶ ያንሱት። አራቱም ጠርዝ እንዲታይ፣ ቁጥሩ እንዳይደበዝዝ። ለሾፌር ወይም ለአድራሽ በእጅ ሰጥተው ከሆነም ሳይሳቀቁ ይንገሩኝ፤ ለማን፣ መቼ፣ ደረሰኝ ሰጥቶዎት እንደሆነ። ያንን ማጣራት የእኔ ኃላፊነት ነው።

ከማን ሂሳብ እንደወጣም ይጻፉልኝ። ባለፈው ዓመት የፋሲካውን በወንድምዎ ስም እንደላኩልን አስታውሳለሁ። ያን ጊዜም ስሙን ስላላወቅነው ሁለት ቀን ፈልገነዋል። አሁንም ከባለቤትዎ ወይም ከልጅዎ ስልክ ተልኮ ከሆነ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።

አንድ አደራ። የባንኩ መልዕክት ላይ ቀሪ ሂሳብዎ ይታያል። እሱን እኔ አላስፈልገኝም፤ ሸፍነው ወይም አጥፍተው ይላኩልኝ። የሚስጥር ቁጥርዎንም ሆነ በመልዕክት የሚመጣልዎትን የማረጋገጫ ኮድ እኛ አንጠይቅም። በእኛ ስም ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ዘግተውበት ለእኔ ይደውሉልኝ። የሂሳብ ቁጥራችንም አልተቀየረም። ካርቶኑ ሲደርስ በተሰጠዎት ደረሰኝ ላይ ያለው ነው፤ የላኩበትን ቁጥር ከእሱ ጋር ያስተያዩልኝ። አንድ አሃዝ ብትሳሳት እንኳን ብዙ ጊዜ የተቀባዩ ስም ሌላ ሆኖ ይመጣል፣ ስለዚህ ስሙንም ይዩልኝ።

የሚቻል ከሆነ ሌላም ነገር ይዩልኝ። ከከፈሉ በኋላ ያን ያህል ገንዘብ ወደ ሂሳብዎ ተመልሶ እንደሆነ። በተለይ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ ገንዘቡ ከላኪው ተቀንሶ ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ። አንዳንዴ ከቀናት በኋላ ዝም ብሎ ይመለሳል፤ መልዕክቱ ከሌሎች መልዕክቶች መሐል ተቀብሮ ማንም አያየውም። እንዲህ ሆኖ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎም የእኛም አይደለም። ተንጠልጥሎ ከቀረ ግን ለላኪው ባንክ ማመልከት የሚችለው ላኪው ነው። ያኔ «ገንዘቡ አልደረሰንም» የሚል ደብዳቤ በማኅተም ጽፌ አስይዝዎታለሁ፣ ካስፈለገም አብሬዎት እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ጥቅምት 22 የሚደርሰው የ800 ካርቶን ትዕዛዝዎ በዚህ ምክንያት አይቆምም። ትናንት ታትሞ አልቋል፣ ዛሬ እየታጠፈ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገርጂ ይደርሳል። ቅዳሜና እሑድ የልደትና የሠርግ ኬክ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ፤ ካርቶን ቢቀር ምን እንደሚገጥምዎትም እንዲሁ። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ የማስታወሻ መልዕክቱንም አስቁሜዋለሁ። ምናልባት ቀድሞ የተያዘ አንድ መልዕክት ዛሬ ማታ ቢደርስዎት ይተዉት።

እኔ ነገ ዓርብ ስቴትመንቱ እንደደረሰኝ አይቼ፣ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ያገኘሁትን እጽፍልዎታለሁ። ባላገኝም «እስካሁን አላገኘሁም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ዝም አልልም። የእርስዎ ማስረጃ ዛሬ ቢመጣልኝ በጣም ይፈጥናል። ሥራ በዝቶብዎት ካልቻሉ ግን ለነገ ይሁን፤ ዳቦው እሳት ላይ ሆኖ ስልክ ይበርብሩ አልልዎትም። ካሸር ላይ ያለችው ልጅ ብታስተላልፍልኝም ይበቃል።

ገንዘቡ እኛ ጋ ከተገኘ፣ ሂሳቡ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤና የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ቅዳሜ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይመጣልዎታል። ለልጃችንም ይዞልዎት እንዲመጣና በዚያው ቦታ፣ በሠራተኞችዎ ፊት፣ ይቅርታ እንዲጠይቅ ነግሬዋለሁ። ይህ ገንዘቡ ቢገኝም ባይገኝም ነው። ገንዘቡ ተመልሶብዎት ወይም ባንክ ላይ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ተነጋግረን አዲስ ቀን እንቆርጣለን። ቅጣትም ጭማሪም የለበትም።

በጽሑፍ ከሚሆን በስልክ ይቅለል ካሉ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ነፃ ነኝ። የደንበኛው ግርግር ጋብ ሲልልዎት «አሁን ደውዪ» ብለው ይላኩልኝ፣ እኔው እደውላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ማርታ
ሂሳብና ሽያጭ