የኔትወርክ ቃላት ለጀማሪ፦ ራውተር፣ አይፒ አድራሻ፣ ዲኤንኤስ፣ ጌትዌይ ምንድን ናቸው?

«ኮኔክትድ ይላል ግን አይሰራም።» ስራዬ ኔትወርክ ስለሆነ ይሄን ነገር በስልክ ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። «አይፒህ ስንት ይላል?» ስል ዝም፣ «ጌትዌዩን ፒንግ አርገው እስቲ» ስል ጭራሽ ዝም። ሰውዬው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ቃሉን ማንም አልነገረውማ። ስለዚ ቃላቱን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። በፊደል ተራ አልደረደርኳቸውም፣ እጃችሁ ላይ ካለው ስልክ ተነስተን ወደ ውጪ ነው የምንሄደው ምክንያቱም አንዱ ሳይገባ ሌላው አይገባም። የቸኮለ ግን የፈለገውን ርዕስ ብቻ አይቶ መሄድ ይችላል።

ዋይፋይ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ይመስሉታል፣ አይደሉም። ዋይፋይ ከስልካችሁ እስከ ራውተሩ ያለችውን አጭር መንገድ በሬዲዮ ሞገድ የሚያገናኝ ነገር ነው፣ በቃ። ከራውተሩ ወዲያ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። ለዛ ነው ምልክቱ ሙሉ ሆኖ አንድ ገጽ አልከፍትም የሚላችሁ፦ ምልክቱ የሚናገረው እናንተና ራውተሩ ምን ያህል እንደምትደማመጡ ብቻ ነው።

2.4 ጊጋኸርዝ እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉት ደግሞ የሞገዱ አይነቶች ናቸው። 2.4 ግድግዳ አልፎ ራቅ ይላል ግን ዝግ ያለ ነው፣ ብሉቱዝም ማይክሮዌቭም የጎረቤት ዋይፋይም እዛው ላይ ስለሚንጫጫ ይጨናነቃል። 5 ፈጣን ነው ግን ሁለት ግድግዳ ካለፈ ይደክመዋል። ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ 5ን ምረጡ። SSID ብሎ ሲመጣባችሁ አትደንግጡ፣ የዋይፋዩ ስም ማለት ነው።

ራውተር ምንድን ነው? ከሞደም በምን ይለያል?

ሞደም ከውጪ በስልክ መስመር ወይ በኬብል የሚመጣውን ሲግናል መሳሪያዎቻችሁ ወደሚገባቸው ቋንቋ የሚቀይር ነው። ራውተር ደግሞ የቤታችሁን ኔትወርክ ከውጪው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ በረኛ ነው፣ ይሄ ወደዛ ይሂድ ያ ወደዚህ ይምጣ የሚለው እሱ ነው። ግራ የሚያጋባው ቤት ያለችው ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ሞደምም ራውተርም ስዊችም (ኬብል የምትሰኩባቸው ቀዳዳዎች) አክሰስ ፖይንትም (ዋይፋይ የሚረጨው) አንድ ላይ መሆኗ ነው። አራት ሰራተኛ በአንድ ደሞዝ።

አይፒ አድራሻ ምንድን ነው?

ኔትወርክ ላይ ያለ እያንዳንዱ መሳሪያ የሚጠራበት ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ላይ ጥቁሩን መስኮት (`cmd`) ከፍታችሁ `ipconfig` ብላችሁ ጻፉ፣ እንደዚህ አይነት ነገር ይወጣል፦

```
IPv4 Address. . . . . : 192.168.1.23
Subnet Mask . . . . . : 255.255.255.0
Default Gateway . . . : 192.168.1.1
```

የመጀመሪያው መስመር የእናንተ አይፒ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ በ192.168 ወይ በ10 የሚጀምር አይፒ የውስጥ አይፒ ነው፣ ፕራይቬት ይባላል። ሌላ ሰው ቤትም ልክ ይሄው ቁጥር ሊኖር ይችላል፣ እንደ ክፍል ቁጥር አስቡት፣ ክፍል 23 የሌለው ትልቅ ህንጻ የለም። ውጪ ያለው ዓለም የሚያያችሁ በሌላ ቁጥር ነው፣ እሱ ፐብሊክ አይፒ ይባላል።

ለምን ሁለት አስፈለገ ካላችሁ፣ አይፒቪ4 የሚባለው አድራሻ 32 ቢት ስለሆነ ጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን አካባቢ ብቻ ነው፣ ለሰው ሁሉ ስልክና ላፕቶፕ አይበቃም። አይፒቪ6 የመጣው በዚህ ምክንያት ነው፣ 128 ቢት ነው፣ ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎበት በሁለት ነጥብ የተከፋፈለ ረጅም ነገር ካያችሁ እሱ ነው።

ሰብኔት ማስክ ምንድን ነው?

መሳሪያው «ይሄ አድራሻ የቤት ሰው ነው ወይስ የውጪ?» ብሎ የሚለይበት ነው። 255.255.255.0 ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቁጥሮች አንድ አይነት የሆኑት ሁሉ የቤት ናቸው። ጀማሪ ከዚህ በላይ ባይጨነቅበት ይሻላል፣ በኋላ ይደርሳል።

ጌትዌይ ምንድን ነው?

የቤቱ በር። መሳሪያችሁ የሚፈልገው አድራሻ ውስጥ ከሌለ እቃውን ለጌትዌዩ ይሰጠዋል፣ ጌትዌዩ ደግሞ በቤት ኔትወርክ ላይ ራሱ ራውተሩ ነው። የራውተሩን ሴቲንግ ለመክፈት ብራውዘር ላይ የምትጽፉት ቁጥርም እሱው ነው። ኢንተርኔት ላይ 192.168.1.1 ጻፉ የሚል አይታችሁ እምቢ ካላችሁ የእናንተ ራውተር 192.168.0.1 ወይ ሌላ ሊሆን ስለሚችል አትገምቱ፣ `Default Gateway` የሚለውን አንብቡ።

ዲኤችሲፒ ምንድን ነው?

አይፒ የሚያድል ነው። ስልካችሁ ዋይፋይ ውስጥ ሲገባ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጮሃል፣ ራውተሩ ውስጥ ያለው ዲኤችሲፒ ደግሞ «እንካ 192.168.1.23፣ በሩ ይሄ ነው፣ ዲኤንኤስህ ያ ነው» ብሎ ለተወሰነ ሰዓት ያበድረዋል። አይፒያችሁ አንዳንዴ ሳትነኩት የሚቀየረው ብድር ስለሆነ ነው።

ጩኸቱን የሰማ ከሌለ ዊንዶውስ በራሱ 169.254 ብሎ የሚጀምር አይፒ ይለጥፋል። ያንን ቁጥር ካያችሁ ኢንተርኔቱን ከመሳደባችሁ በፊት ኬብሉንና ራውተሩን እዩ፣ መሳሪያችሁ ገና ከቤት አልወጣም።

ከዚህ የባሰው ሁለት ሰው ሲመልስ ነው። አንድ ቢሮ ግማሹ ሰው ይሰራለታል ግማሹ አይሰራለትም ተብዬ ሄጄ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ኬብል ስቀያይር ዋልኩ፣ መጨረሻ ላይ ደክሞኝ ቁጭ ብዬ የሁለት ሰው ኮምፒውተር ጎን ለጎን `ipconfig` ሳደርግ አንዱ 192.168.1 ሌላው 192.168.0 ይላል። ለካ አንዱ ሰራተኛ ጠረጴዛው ስር ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ የቤቱን አሮጌ ራውተር አምጥቶ ሰክቶታል፣ ያ ራውተር የራሱን አይፒ ቀድሞ ለደረሰበት ሁሉ ሲያድል ነበር። መጀመሪያ ያንን ትዕዛዝ ብጽፍ አስር ደቂቃም አይፈጅም ነበር፣ አሁን ድረስ ያበሳጨኛል።

ማክ አድራሻ ምንድን ነው?

መሳሪያው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው 48 ቢት ቁጥር ነው፣ `3C-52-82-1A-7F-09` አይነት መልክ አለው። አይፒ እንደ ክፍል ቁጥር ከሆነ ማክ እንደ ሰውዬው ስም ነው፣ ክፍል ቢቀይርም ስሙ አይቀየርም። የአሁን ስልኮች ግን እንዳይከታተሏቸው ብለው ለየዋይፋዩ የውሸት ማክ ይሰጣሉ፣ ስለዚ ራውተር ላይ በማክ ሰው ብሎክ አድርጋችሁ ተመልሶ ሲገባ ካያችሁ ሰውዬው ሃከር ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

ናት ምንድን ነው?

«እሷ ናት» የሚለው ናት አይደለም፣ `NAT` ነው። ቤት ውስጥ አስር መሳሪያ ቢኖርም ውጪ የሚታየው ፐብሊክ አይፒ አንድ ነው። ራውተሩ ከውስጥ የወጣውን ሁሉ በራሱ አይፒ ይልከዋል፣ ማን ምን እንደጠየቀ ማስታወሻ ይይዛል፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። ከውጪ ሳይጠራ የመጣውን ግን የማን እንደሆነ ስለማያውቅ ይጥለዋል። ጌም ሆስት ለማድረግ ወይ ካሜራ ከውጪ ለማየት ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚያስፈልገው ለዛ ነው፣ «በዚህ ፖርት የመጣውን ለዚህኛው ስጥ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ትነግሩታላችሁ።

ፖርት ምንድን ነው?

አንድ መሳሪያ ላይ ብዙ አገልግሎት ስላለ የትኛውን እንደፈለጋችሁ የሚለይ ቁጥር። 443 የተመሰጠረው ዌብ (`https`)፣ 80 ያልተመሰጠረው፣ 22 ደግሞ ከሩቅ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ገብታችሁ ትዕዛዝ የምትጽፉበት `ssh` ነው። ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳም ፖርት ይባላል፣ ሁለቱ ምንም አይገናኙም።

ዲኤንኤስ ምንድን ነው?

ከዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ያዙ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው። እናንተ `wikipedia.org` ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ኮምፒውተር ግን የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው፣ እንደ ስልካችሁ ኮንታክት። ድሮ የሁሉም ስም አንድ ፋይል ላይ ተጽፎ ነበር የሚዞረው፣ ኔትወርኩ ሲያድግ አልቻለውም፣ ከዛ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን አመጣ።

ዲኤንኤስ ሲበላሽ ሁሉም ነገር የተበላሸ ይመስላል፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ስም የሚተረጉም ጠፍቶ እንጂ። የምትለዩት በፒንግ ነው፣ አንድን አድራሻ «አለህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ትዕዛዝ ነው፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ተራ በተራ ጻፉ፦

```
ping 192.168.1.1
ping 8.8.8.8
ping wikipedia.org
```

የመጀመሪያው (የእናንተን ጌትዌይ አስገቡ) እምቢ ካለ ችግሩ ምናልባት እናንተና ራውተሩ መሃል ነው። እሱ ሰርቶ ሁለተኛው፣ ውጪ ያለው የጎግል ዲኤንኤስ አድራሻ፣ እምቢ ካለ ከራውተሩ ወደ ውጪ ነው፣ ያኔ ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ጋ ደውሉ። ሁለቱ ሰርተው ሶስተኛው `could not find host` ካለ ዲኤንኤስ ነው፣ ሴቲንግ ገብታችሁ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 ወይ 1.1.1.1 አድርጋችሁ ሞክሩ። አንዳንድ መሳሪያ ፒንግን ሆን ብሎ አይመልስም፣ ስለዚ ዝምታ ሁሌ ሞት አይደለም።

ሜጋ ቢት እና ሜጋ ባይት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

100 ሜጋ ገዝቼ በ12 ነው የሚያወርደው ተዘረፍኩ የምትሉ፣ አልተዘረፋችሁም። የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው (`Mbps`)፣ ዳውንሎድ ላይ የምታዩት ብዙ ጊዜ በሜጋ ባይት (`MB/s`)፣ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። 100 ለ8 ሲካፈል 12.5።

ባንድዊድዝ እና ሌተንሲ ምንድን ናቸው?

ባንድዊድዝ በአንዴ ስንት ያልፋል ነው፣ ሌተንሲ ደግሞ አንዱ ደርሶ እስኪመለስ ስንት ይቆያል፣ በሚሊ ሰከንድ ይለካል። ፊልም ለማውረድ የመጀመሪያው፣ ለቪዲዮ ኮልና ለጌም ሁለተኛው። ወፍራም ፓኬጅ ገዝቶ ጌሙ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ያልገዛውን ነገር ነው የሚጠብቀው።

ፋየርዎል እና ቪፒኤን ምንድን ናቸው?

ፋየርዎል የቱ ይግባ የቱ ይውጣ የሚል የህግ ዝርዝር ነው። ቪፒኤን ደግሞ ትራፊካችሁን አመስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል ያወጣዋል፣ ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ የምትሄዱበትን አያይም ማለት ነው፣ ባለ ቪፒኤኑ ግን እሱ ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ ያያል፣ ነፃ የሆነውን ስታወርዱ ይሄን አስቡበት።

ሎካልሆስት (127.0.0.1) ምንድን ነው?

ራሳችሁ። ይሄን አድራሻ የጠራ ኮምፒውተር የሚያናግረው ራሱን ነው፣ ኬብሉ ተነቅሎም ይመልሳል። አንዴ በስልክ «ፒንግ አርገው» ያልኩት ልጅ «በደንብ ይመልሳል፣ አንድ ሚሊ ሰከንድ እንኳን አይፈጅም!» ብሎ በኩራት ነገረኝ፣ የትኛውን አይፒ ነው ስለው 127.0.0.1።