ለጾሙ አንድ ድስት፣ አንድ ኪሎ ሽሮ

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ እስከ ገና ድረስ ከብዙዎቻችን ገበታ የማይጠፋው ሽሮ ነው። እኛም ቱሉ ዲምቱ ላይ ጎን ለጎን የምንሠራ የባልትና ቤትና የሸክላ ቤት ዕቃችንን አንድ ላይ አቅርበናል፦ 1 ኪሎ ምጥን ሽሮ፣ ከክዳኑ ጋር ለሁለት ሰው የሚበቃ 1 የሸክላ ድስት። ለየብቻ ሽሮው 380፣ ድስቱ 450 ብር ነው። አብረው ሲወሰዱ 750 ብር። ከኅዳር 8 እስከ ታኅሣሥ 20 ድረስ በዚሁ ዋጋ እንሸጣለን።

የራስን ዕቃ ማመስገን ቀላል ስለሆነ ዛሬ ተለዋውጠን ጽፈናል።

ስለ ድስቱ፣ ባልትና ቤቱ የጻፈው

ቤት ውስጥ ድስት እያለ ሌላ ለምን? ሸክላ ይመጥጣል። ዓመቱን ሙሉ ቅቤ የገባበት ድስት የቱንም ያህል ቢታጠብ፣ እሳት ላይ ሲወጣ የጠጣውን ቅቤ መልሶ ያወጣል፤ ሽታው ቤቱን ያውዳል። ለሚጾም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የጾሙ ድስት ለብቻው፣ የፍስኩም ለብቻው መሆን አለበት። እንዳይቀያየሩ የጾሙን ክዳን ጉጥ ላይ ነጭ ክር እሰሩበት።

የዚህ ድስት አፉ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቂጡ ዝርግ ነው። ዝርግ መሆኑ የኮንዶሚኒየም የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሳይወላገድ እንዲቀመጥ ነው። ስትረከቡ በጣታችሁ ቋ ቋ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋልና አትውሰዱት።

ሳይሟሽ ወጥ እንዳይሠራበት። መጀመሪያ በውኃ ብቻ ታጥቦ ሦስት ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፍ፣ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ውስጡን በምግብ ዘይት እሹት። ግማሽ ድረስ ውኃ ጨምሩና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጤፍ ዱቄት በጥብጡበት፤ በዝግታ እሳት 40 ደቂቃ ይንተክተክ። ዱቄቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሲያበቃ እዚያው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ድፉት። በመጀመሪያው ቀን ውጩ ላብ ላብ ቢለው አትደንግጡ፣ ሲሟሽ ይተዋል። ጠብ ጠብ ካለ ግን ስንጥቅ ነው፤ መልሱት።

ሸክላን የሚሰነጥቀው ድንገተኛ ሙቀትና ድንገተኛ ቅዝቃዜ ነው። የአንዱ ቦታ ሸክላ ሞቆ ሲለጠጥ አጠገቡ ያለው ገና ቀዝቃዛ ከሆነ መሃል ላይ ይከፈላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ 1 ቁጥር ላይ ጀምሩ፣ በየአምስት ደቂቃው አንድ ቁጥር ከፍ እያደረጋችሁ ከመሃል አትለፉ። ባዶውን ፈጽሞ አትጣዱት። ጋዝ ከሆነ ነበልባሉ በቀጥታ እንዳይመታው ከሥሩ ወፈር ያለ የብረት ዝርግ አድርጉ። ከሰል ከሁሉም ይሻለዋል፣ ግን ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ኢንዳክሽን ምድጃ ሸክላን ጭራሽ አያሞቅም፤ ያ ብቻ ያላችሁ ድስቱን ባትገዙ ይሻላል። ሲወርድም እርጥብ ሴራሚክ ላይ ሳይሆን ማቶት ላይ ይቀመጥ። እጥበቱ በሙቅ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው፤ ሳሙና ከገባበት የሚቀጥለው ወጥ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሳይደርቅ ከተከደነ ደግሞ ይሻግታል።

ስለ ሽሮው፣ ሸክላ ቤቱ የጻፈው

ሽሮ ከረጢት ውስጥ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ድስት ውስጥ ነው። የዚህኛው እህል ሽምብራና አተር ብቻ ነው። ለማርከሻ ተብሎ የሚገባው ጓያ የለበትም። ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን እንደሚያሽመደምድ የታወቀ ነው፣ በጾም ደግሞ ሽሮ በየቀኑ ነው የሚበላው። እህሉ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተነፍቶ ከወጣ በኋላ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከበሶብላና ከነጭ አዝሙድ ጋር ይፈጫል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ክትክት ተደርገው በደንብ ካልደረቁ ዱቄቱን ያረጥቡታል፣ እርጥብ ሽሮ ደግሞ ወር ሳይሞላው ይበላሻል።

ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው። እንደሞቀ ከታሸገ ትነቱ ላስቲኩ ላይ ጤዛ ይሆንና ዱቄቱ ይጓጉላል። ስለዚህ ይህ ሽሮ ንጹሕ ሸማ ላይ ተሰጥቶ እስኪቀዘቅዝ አይታሸግም። እናንተም ቤት ስታስገቡ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ፣ ከምድጃው ርቆ ይቀመጥ፤ በእርጥብ ማንኪያ አይጨለፍ።

አሠራሩ በዚሁ ድስት፣ ለሁለት ሰው፦ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ሩብ ኩባያ ዘይት ጨምራችሁ በዝግታ አቁላሉ። ብረት ድስት ላይ እንደለመድነው ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት እዚህ አይሆንም፣ ሸክላው ይይዘዋል። ሦስት ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። ምጥን ስለሆነ ሌላ በርበሬ አያስፈልገውም። 350 ሚሊ ሊትር የሞቀ ውኃ ጨምሩና ይፍላ።

ስድስት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ሽሮ፣ 80 ግራም ያህል ማለት ነው፣ በ150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው በጥብጡ። ሽሮ የሚጓጉለው ደረቁ ዱቄት የፈላ ውኃ ላይ ሲነሰነስ ነው፤ ውጩ ወዲያው በስሎ ይዘጋል፣ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የተበጠበጠውን በቀጭኑ እያንቆረቆራችሁ አማስሉ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሱና ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይንተክተክ። ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ ሄዶ ዘይቱ ወደ ላይ ሲል በስሏል። ከወፈረባችሁ የምትጨምሩት ውኃ የሞቀ ይሁን፤ ቀዝቃዛው ወጡንም ድስቱንም ይጎዳል። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቃሪያ ካወረዳችሁ በኋላ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሸክላ ሙቀት ስለሚይዝ ወጡ ገበታ ላይም ጥቂት ደቂቃ ይፈላል፣ እየወፈረም ይሄዳል። ስለዚህ ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን ሲል አውርዱት። እንጀራው ላይ ሲጨለፍ ልክ ይሆናል።

ለማዘዝ

ከሁለታችን ለአንዳችን በኢንቦክስ ጻፉ፤ ስም፣ ሰፈርና የብሎክ ቁጥር ይበቃል። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ውስጥ በነፃ እናደርሳለን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት። ወደ ሌላ ሰፈር በሞተር እንልካለን፣ ሒሳቡ በእናንተ ነው፤ ድስቱ በገለባና በካርቶን ይታሸጋል። ሞተረኛው ሳይሄድ ፊቱ ከፍታችሁ ድስቱን መታ መታ አድርጉት። ያኔ የተሰነጠቀ ወይም ሲሟሽ የሚያንጠባጥብ ድስት በሦስት ቀን ውስጥ በሌላ እንቀይራለን። ሳይሟሽ ወይም ባዶውን ተጥዶ የተሰነጠቀውን ግን መቀየር አንችልም። ሽሮው ካልተከፈተ በሳምንት ውስጥ እንመልሳለን።

በርበሬ ለማይስማማው ነጭ ሽሮ አለ፣ በዚያው ዋጋ፤ ስታዙ «ነጭ» ብላችሁ ጻፉ። ለአራት ሰው የሚሆነው ባለ 26 ሳንቲ ሜትር ድስት ከሽሮው ጋር 980 ብር ነው፤ እሱ የሚገኘው ከኅዳር 20 በኋላ ነው።