የወተት ሪፖርቱ የመጨረሻ ማረሚያ ዝርዝር

ለቡድናችን በሙሉ፤

የሱሉልታና የሰንዳፋ የወተት አቅርቦት ሪፖርት 142 ገጽ ደርሷል። ዓርብ ከሰዓት ለአሠሪዎቻችን ይገባል። ዛሬ ሰኞ ነው። እርማቱን በሦስት ዙር እንሠራለን፤ መጀመሪያ ይዘት፣ ቀጥሎ ወጥነት፣ በመጨረሻ የፊደል ግድፈት። አንዱ ዙር ሳይዘጋ ወደ ሌላው አይታለፍም።

አምና የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ነጠላ ሰረዝ ስለቅም ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ምዕራፍ 4 ከነሰረዙ ወጣ። በምትኩ የገባውን አዲስ ጽሑፍ ደግሞ ያነበበው ሰው አልነበረም። ዘንድሮ አይደገምም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። የምንሠራው በአንድ ፋይል ብቻ ነው፤ `Wetet_v14.docx`። የሚጽፍበት አንድ ሰው ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ሌሎቻችሁ በታተመው ቅጂ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አርሙ። ለገጣፎ ላይ መብራት እንደልቡ ስለሆነ ወረቀቱ ሥራ አያስፈታንም።

ዙር 1፦ ይዘት (ሰኞና ማክሰኞ)

እዚህ ዙር ላይ የፊደል ስሕተት ካያችሁ እለፉት። ያሳክካል፣ አውቃለሁ። ግን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሊወጣ ይችላል።

☐ ማጠቃለያው ውስጥ ያለ ቁጥር ሁሉ ከየት እንደመጣ በጣት ይጠቆም። ገጽ 3 ላይ የመላሾች ቁጥር 184 ይላል። ገጽ 27 ላይ 148 ነው። ትናንት ማታ ነው ያየሁት። አንዱ ጋ ጣት ተንሸራቷል፤ የትኛው ጋ እንደሆነ ግን በመገመት አይታወቅም። ቅጾቹ ካርቶን ውስጥ አሉ፣ ይቆጠሩ። ከዚያ መቶኛዎቹ በየትኛው ቁጥር እንደተሰሉ ይታይ። አካፋዩ ከተሳሳተ ምዕራፍ 4 እንዳለ እንደገና ይሰላል። ይህን ዛሬ ማወቅና ዓርብ ጠዋት ማወቅ አንድ አይደለም።

☐ ጾሙ ይጻፍ። መረጃ የሰበሰብነው በመጋቢት 2017 ነው። የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 17 እስከ ሚያዝያ 11 ነበር፣ 55 ቀን። ስለዚህ መጋቢት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጾም ነው። የያዝነው ዋጋ የጾም ዋጋ ነው። ገጽ 61 ግን «በአካባቢው የወተት ዋጋ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ያልፋል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ይህን የሚያነብ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ይመስለዋል። ዓረፍተ ነገሩ «ቃለ መጠይቁ በተደረገበት የጾም ወቅት» ብሎ ይጀምር። በሥዕላዊ መግለጫ 9 ላይም ጾሙ በጥላ ይታይ።

☐ እያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ የቆመበት ግኝት አለው? ምክረ ሐሳብ 6 የወተት ማቀዝቀዣ ይገዛ ይላል። መጠይቁን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። ስለ ማቀዝቀዣ ማንንም አልጠየቅንም። ወይ ማስረጃው ይምጣ ወይ ነጥቡ ይውጣ።

☐ «ስለዚህ» እና «በመሆኑም» ያለባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ ይፈተሹ። ገጽ 74 ላይ «ድርቆሽ በመወደዱ ገበሬዎቹ ላም ሸጡ» ተብሏል። ሸጠዋል፣ ድርቆሽም ተወዷል። በዚያ ምክንያት መሸጣቸውን ግን የነገሩን ጥቂቶቹ ናቸው። «ድርቆሽ በመወደዱ ላም መሸጣቸውን የተናገሩ አሉ» ይበቃል።

☐ መቶኛና መቶኛ ነጥብ ይለያዩ። ከ30 መቶኛ ወደ 45 መቶኛ የወጣ ነገር በ15 መቶኛ ነጥብ ነው ያደገው። «በ15 በመቶ አደገ» ካልን ግን ስሕተት ነው፤ በመቶ ከሆነ 50 ነው። ምዕራፍ 5 ውስጥ ሁለቱ ተደበላልቀዋል።

☐ አባሪ 3 ላይ የመላሾች ስምና ስልክ አለመኖሩ ይረጋገጥ። ፎቶዎቹም ይታዩ፤ አንዱ ላይ የበር ቁጥር ይነበባል።

አስተባባሪያችን «ይዘት ተዘጋ» ብላ በዚህ ወረቀት ላይ ስትፈርም ዙሩ አበቃ። ከዚያ በኋላ «አንዲት አንቀጽ ብቻ» ብሎ የሚመጣ ሰው ቡና ይጋብዛል። አንቀጹ ግን አይገባም።

ዙር 2፦ ወጥነት (ረቡዕ)

አራት ሰው ነው የጻፈው። ለአንባቢው ግን አንድ ሰው የጻፈው መምሰል አለበት። በዚህ ዙር ከገጽ 1 ጀምሮ አይነበብም። አንድ ጉዳይ ይያዝና እሱ ብቻ እስከ ገጽ 142 ይታደናል። ከዚያ ሌላው።

☐ ዘመን አቆጣጠር። ሪፖርቱ በኛ አቆጣጠር ነው። ሰንጠረዥ 12 ብቻ «2024» ብሎ ይጽፋል። ወደ 2016 ይቀየር ወይስ ወደ 2017? ዝም ብሎ ስምንት መቀነስ አይሠራም። እንዲህ ያዙት፦ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ደግሞ 7። የበጀት ዓመት ከሆነ ሌላ ነው። የ2017 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው፤ በፈረንጅ ጁላይ 8 ቀን 2024። የሰንጠረዡ ቁጥር የበጀት ዓመት ነው ወይስ የቀን መቁጠሪያ ዓመት? መረጃ ያጠናቀረችው እህታችን ትመልስ።

☐ ሰዓት። ወተት የሚረከቡት «ጠዋት 12 ሰዓት» ነው። ሰንጠረዥ 8 ላይ 6:00 ተብሏል። ሁሉም በኛ ሰዓት ይሁን።

☐ የቦታ ስም። ሱሉልታ በ2015 በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ገብታለች። ስለዚህ የቆየው መረጃ «ሱሉልታ ከተማ» ሲል አዲሱ «ሱሉልታ ክፍለ ከተማ» ይላል። ሱሉልታ ወረዳም አለች። ገጽ 11 ላይ አንድ ጊዜ ይብራራና ከዚያ በኋላ የታሰበው የትኛው እንደሆነ በየቦታው ይጻፍ። «ሸገር» ብቻውን አይጻፍ። ግማሹ አንባቢ አዲስ አበባ ነው የሚመስለው።

☐ ለአንድ ነገር አንድ ስም። ምዕራፍ 2 «ዲቃላ ላም»፣ ምዕራፍ 3 «የተሻሻለ ዝርያ»፣ ምዕራፍ 5 «የፈረንጅ ላም» ይላሉ። ዲቃላና ንጹሕ የውጭ ዝርያ ደግሞ አንድ አይደሉም። «ዲቃላ» እንጠቀም፤ ገበሬው የተናገረው በጥቅስ ውስጥ ሲሆን ብቻ እንደተናገረው ይቆይ። «ፉርሽካ» እና «የስንዴ ገለባ»ም የተምታቱበት ቦታ አለ። ፉርሽካ ከወፍጮ የሚወጣ ነው፤ ገለባ ከአውድማ። ይህስ የስም ብቻ አይደለም፣ የመኖ ዋጋውንም ያበላሻል።

☐ ፊደል። ምንም ብንመርጥ የሚቆጣ አይጠፋም። እኛ የመረጥነው፦ ሥራ፣ ዓመት፣ ኅብረት ሥራ፣ ጸሐፊ፣ ሐሳብ፣ ጾም። «ስራ»፣ «አመት»፣ «ህብረት ስራ»፣ «ፀሐፊ»፣ «ሃሳብ»፣ «ፆም» በ`Ctrl+F` ይፈለጉ። ይህ የጉራ ጉዳይ አይደለም። አሠሪያችን «ኅብረት ሥራ» ብሎ ሲፈልግ «ህብረት ስራ» የተባለበትን ገጽ አያገኘውም። ግን `Replace All` አይነካ። «ስራ»ን ሁሉ ብትቀይሩ «ስራስር» የሚለውም አብሮ ይሄዳል።

☐ ምዕራፍ 2 ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፊደል ነበር የተጻፈው። ተቀይሯል ተብሏል። የተረፈ አንቀጽ ካለ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ስለሚወጣ በሹፌራችን ላፕቶፕ ይከፈት፤ የድሮው ፊደል እሱ ጋ የለም።

☐ የሰንጠረዥ ቁጥር፣ የገጽ ቁጥርና ማውጫ። `Ctrl+A` ከዚያ `F9`። ቀጥሎ `Error!` ብላችሁ ፈልጉ። «`Error! Reference source not found.` ላይ እንደተመለከተው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዞ ቢሮ መግባት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልፈልግም።

ዙር 3፦ የፊደል ግድፈት (ሐሙስ)

ይህን ዙር የጻፈው ሰው አያነብም። ዓይኑ የሚያየው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው። ምዕራፎቹን ተቀያየሩ።

☐ መጀመሪያ ማሽን የሚችለውን ማሽን ይሥራ። ሁለት ነጥብ ሁለቴ በመምታት የተሠራው አራት ነጥብ ሁሉ ይቀየር። እዚህ ጋ `Replace All` ይቻላል።

```
Find what:     ፡፡
Replace with:  ።
```

☐ ድርብ ክፍት ቦታ፣ ከ«።» እና ከ«፣» በፊት የገባ ክፍት ቦታ።

☐ የሺፍት ስሕተት። አብዛኞቻችን በድምፅ አጻጻፍ ነው የምንተይበው። ሺፍት ሲነካ ን ኝ ይሆናል፣ ት ደግሞ ጥ። ክፋቱ የሚወጣው ነገር ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ቃል መሆኑ ነው። «እና» ሳይታሰብ «እኛ» ይሆናል። ሺፍት ሲረሳ ደግሞ «መጣ» «መታ» ይሆናል። ገጽ 88 ላይ «ሰብሳቢው ጠዋት መታቸው» ተብሏል። ሰውየው ወተት ሊረከብ ነው የመጣው። እንዲህ ያለውን የሚያገኘው የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

☐ አዎንታና አሉታ። «ይቀንሳል» እና «አይቀንስም»፣ «ተከፍሏቸዋል» እና «አልተከፈላቸውም» ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ከሰንጠረዡ ጋር ይተያዩ።

☐ ርዕሶች፣ የሽፋን ገጽ፣ የሥዕል መግለጫዎች። ትልልቅ ፊደል ላይ ያለ ስሕተትን ሁሉም ሰው ይዘለዋል። ሽፋኑን ሦስት ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ።

☐ ማጠቃለያው ለሁለት ይነበብ። አንዱ ጮክ ብሎ ከወረቀት፣ ሌላው በዓይኑ ከስክሪን። አራት ገጽ ነው፣ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ አያነብም።

ድካም ከያዛችሁ አቁሙ። ከምሳ በኋላ የተነበበ 20 ገጽ በማግስቱ እንደገና ሲነበብ ምን እንደሚወጣው አይተናል።

ዓርብ ጠዋት፦ ፋይሉ

☐ `Track Changes` ውስጥ የቀረ እርማትና አስተያየት አለመኖሩ ይረጋገጥ። ገጽ 52 ጠርዝ ላይ «ይሄ ነገር እውነት ነው?» የሚል አለ፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ መልሱ ተገኝቷል፣ ይጥፋ።

☐ ወደ ፒዲኤፍ ተቀይሮ በስልክ ይከፈት። ገጽ 1፣ ገጽ 142 እና ወደ ጎን የዞሩት ሰንጠረዦች ይታዩ።

☐ ሦስት ቅጂ ይታተም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ 4 ሰዓት ላይ ይከፍታል፤ ፍላሹን ይዤ በር ላይ እጠብቃለሁ። ከጥራዙ በፊት ገጾቹ በእጅ ይቆጠሩ።