የክሊኒኩ የአቅጣጫ ታፔላዎች፦ ጽሑፍ፣ ቀስት፣ ምስልና መጠን

ይህ ሰነድ ለታፔላ ሠሪውም ለክሊኒኩ ሠራተኞችም ነው። ሠሪው የተጻፈውን እንዳለ ይሠራል። ሠራተኛው ደግሞ ታፔላው ላይ ያለውን ስም ይዞ ታካሚን ይመራል። ወደ ክሊኒክ የሚመጣ ሰው ያመመው ነው፣ ወይ የታመመ ሰው ደግፎ ነው የሚመጣው። መንገዱን ለማወቅ አምስት ሰው መጠየቅ የለበትም።

ከሁሉም በፊት የሚቀድመው ሕግ አንድ ቦታ አንድ ስም ነው። ውጪ «መድኃኒት ቤት» ብለን ውስጥ «ፋርማሲ»፣ ማዘዣው ላይ ደግሞ «መድኃኒት ማደያ» ካልን ሦስት ቦታ ያለ ይመስላል። ሐኪሙም፣ ካርድ ክፍሏም፣ ዘበኛውም ታፔላው ላይ ያለውን ስምና ቁጥር ይጥሩ። «9 ቁጥር፣ ላቦራቶሪ» ከተባለ ማንበብ የማይችል ሰውም ቁጥሩን አይቶ ይደርሳል።

ቤቱ ፎቅ የለውም። ከዋናው በር ሲገባ መጠበቂያ አዳራሽ አለ። 1፣ 2 እና 3 ቁጥር እዚያው ናቸው። አዳራሹ ሲያልቅ ኮሪደሩ ግራና ቀኝ ይከፈላል። በግራ ከ4 እስከ 8፣ በቀኝ ከ9 እስከ 11 ይገኛሉ። መጸዳጃው በቀኝ ኮሪደር፣ በ9 እና በ10 መካከል ነው። ድንገተኛ ከቀኝ ኮሪደር ጫፍ ላይ ሆኖ ከግቢው የራሱ በር አለው።

መጠን

ሦስት የሰሌዳ መጠን ብቻ ይሠራል።

ሀ፦ የውጪ፣ 120 በ80 ሳንቲ ሜትር። የፊደሉ ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር።
ለ፦ ከጣሪያ የሚንጠለጠል፣ 120 በ40 ሳንቲ ሜትር። የፊደሉ ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር።
ሐ፦ የክፍልና የማሳሰቢያ፣ 30 በ20 ሳንቲ ሜትር። ቁጥሩ 6፣ የክፍሉ ስም 2.5፣ የማሳሰቢያ ጽሑፍ 1.5 ሳንቲ ሜትር።

የአቅጣጫውንና የክፍሉን ስም ያሰላነው ለ3 ሜትር ርቀት 1 ሳንቲ ሜትር ፊደል ብለን ነው። 15 ሜትር ላይ ቆሞ ለሚያነብ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ማሳሰቢያው በር ላይ ተደርሶ የሚነበብ ስለሆነ አነስ ቢል አይጎዳም። ከዚህ በታች ግን እንዳይወረድ አደራ። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። በ እና ቡ፣ ሰ እና ሸ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ቅርጸ ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ቅጥያው የሚለይ፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው ይሁን። በጣም የወፈረ ፊደል ቀዳዳው ይደፈንና ጭራሽ አይነበብም። ያጌጠ፣ የተጋደመ ወይም ጥላ ያለው ፊደል አንጠቀምም።

በአንድ ሰሌዳ ላይ ከሦስት መስመር በላይ አይጻፍም። አራተኛ ካስፈለገ ሌላ ሰሌዳ ይሠራል እንጂ ፊደሉ አይጠብም።

ቀለም

መደቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጽሑፉ ነጭ። ድንገተኛ ብቻ ቀይ መደብ በነጭ ጽሑፍ። የአደጋ ጊዜ መውጫ አረንጓዴ ነው። ሰሌዳው የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የመብራት ነጸብራቅ ግማሹን ጽሑፍ ይበላዋል። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ቀለሙ ያግዛል እንጂ ብቻውን መልእክት አይይዝም፤ ቃሉና ምስሉ ሁልጊዜ አብረው ይኖራሉ።

ቀስት

ቀስቱ በሁሉም ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ነው፦ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ክፍት ጫፍ፣ ቁመቱ የፊደሉ አንድ ተኩል እጥፍ። የምንጠቀመው ሦስት ቀስት ብቻ ነው።

↑ ቀጥታ ወደ ፊት
← ወደ ግራ
→ ወደ ቀኝ

ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት የለም። አንዱ «እዚሁ ነው» ብሎ ሲያነበው ሌላው «ወደ ኋላ ተመለስ» ይለዋል። ሰያፍ ቀስትም የለም። የ← እና የ↑ ቀስት ከጽሑፉ በስተግራ፣ የ→ ቀስት በስተቀኝ ጠርዝ ይቀመጣል። ዓይን ጽሑፉን ጨርሶ ወደሚሄድበት ይወጣል። ቅደም ተከተሉም አይለወጥም፦ መጀመሪያ ↑፣ ቀጥሎ ←፣ በመጨረሻ →።

ምስል

ምስሎቹ ነጭ ሆነው በአንድ የመስመር ውፍረት ይሳሉ። እያንዳንዱ ምስል አራት ማዕዘን ውስጥ ይገባል፤ የማዕዘኑ ጎን የፊደሉ አንድ ተኩል ነው። ከተለያየ ቦታ የተለቀሙ ምስሎች አይደባለቁ።

ካርድ ክፍል፦ ፋይል። ክፍያ፦ የብር ኖት። መድኃኒት ቤት፦ የክኒን ጠርሙስ። ምርመራ፦ የሐኪም ማዳመጫ። መርፌና ቁስል ማሸጊያ፦ ሲሪንጅ። እናቶችና ሕፃናት፦ ሕፃን ያቀፈች እናት። ላቦራቶሪ፦ ማይክሮስኮፕ። መጸዳጃ፦ ሴትና ወንድ። ድንገተኛ፦ ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው። መውጫ፦ የተከፈተ በር።

አልትራሳውንድ ምስል የለውም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሥዕል ስለሌለ በምስሉ ቦታ 10 ቁጥር ይገባል። የማይገባ ምስል ከባዶ ቦታ ይብሳል።

ቀይ መስቀል በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አይሳል። ታፔላ ሠሪዎች ጤና ሲባል መጀመሪያ እጃቸው የሚሄደው ወደሱ ነው። ግን አርማው እ.ኤ.አ. በ1949 የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው፤ ለማንኛውም ክሊኒክ ማስታወቂያ የሚውል አይደለም። የአደጋ ጊዜ መውጫውም በዓለም አቀፉ የደህንነት ምልክቶች ደረጃ፣ በአይኤስኦ 7010፣ ያለው አረንጓዴው ሯጭ ሰው እንዳለ ይሁን፤ እኛ አናሻሽለውም።

የሰሌዳዎቹ ጽሑፍ

ሀ1፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት፦

ክሊኒክ
↑ ዋና መግቢያ
ድንገተኛ 11 →

(የመጨረሻው መስመር ቀይ መደብ ላይ ነው።)

ሀ2፣ ከድንገተኛው በር በላይ፣ ሙሉ ቀይ፦

ድንገተኛ
11

ለ1፣ ከዋናው በር እንደተገባ፦

← ክፍያ 2
ካርድ ክፍል 1 →
መድኃኒት ቤት 3 →

ለ2፣ የአዳራሹ መጨረሻ፣ በግራ በኩል፦

← ምርመራ 4–6
← መርፌና ቁስል ማሸጊያ 7
← እናቶችና ሕፃናት 8

ለ3፣ የአዳራሹ መጨረሻ፣ በቀኝ በኩል፦

ላቦራቶሪ 9 →
መጸዳጃ →
አልትራሳውንድ 10 →

ለ4፣ ከለ3 ጎን፣ ቀይ፦

ድንገተኛ 11 →

(ከለ ሰሌዳዎች 10 ሳንቲ ሜትር ፊደል የተፈቀደው ለዚህ ብቻ ነው።)

የሚቀጥሉት ሁለቱ የመመለሻ ሰሌዳዎች ናቸው። ብዙ ቦታ ሰው እንዴት እንደሚሄድ ይጻፍና እንዴት እንደሚመለስ ይረሳል። ደም ሰጥቶ ውጤት የያዘ ሰው ከላቦራቶሪ ሲወጣ ጀርባውን የሰጠውን ታፔላ ማንበብ አይችልም። ለዚህ ነው ፊታቸው ወደ ኮሪደሩ ውስጥ የሚዞረው።

ለ5፣ ከቀኝ ኮሪደር ለሚመለስ፦

↑ ምርመራ 4–6
← መድኃኒት ቤት 3
← መውጫ

ለ6፣ ከግራ ኮሪደር ለሚመለስ፦

↑ ላቦራቶሪ 9
↑ መጸዳጃ
መድኃኒት ቤት 3 →

ለ6 ላይ መውጫ ያልተጻፈው መስመሩ ስለሞላ ነው። ወደ መድኃኒት ቤት የሄደ ሰው ዋናውን በር ፊቱ ያገኘዋል።

የክፍል ሰሌዳዎች፣ ሁሉም መጠን ሐ። ቁጥሩ ከላይ፣ ምስሉ ከጎኑ፣ ስሙ ከሥር፦

1 ካርድ ክፍል
2 ክፍያ
3 መድኃኒት ቤት
4 ምርመራ
5 ምርመራ
6 ምርመራ
7 መርፌና ቁስል ማሸጊያ
8 እናቶችና ሕፃናት
9 ላቦራቶሪ
10 አልትራሳውንድ
11 ድንገተኛ
መጸዳጃ፣ ሴቶች
መጸዳጃ፣ ወንዶች
መጸዳጃ፣ ዊልቸር የሚገባበት

የሐኪም ስም በር ላይ አይጻፍም። ሐኪም ይቀያየራል፣ ክፍሉ ግን እዚያው ነው።

ማሳሰቢያዎች፣ መጠን ሐ፦

ዋናው በር ላይ፣ ቀይ፦
በጣም የታመመ ሰው ካርድ ሳያወጣ በቀጥታ ወደ 11 ይግባ።

1 ቁጥር መስኮት ላይ፦
አዲስ ታካሚ ከሆኑ እዚህ ይጀምሩ።
ካርድ ካለዎት ቁጥሩን ይንገሩን።

4፣ 5 እና 6 ቁጥር፦
ምርመራ ላይ ነን።
ስምዎ ሲጠራ ይግቡ።

8 ቁጥር፦
የልጅዎን የክትባት ካርድ ይዘው ይግቡ።

9 ቁጥር፦
ውጤትዎን ሲቀበሉ ወደ መረመረዎት ሐኪም ክፍል ይመለሱ።

10 ቁጥር፦
መጸዳጃ ከመሄድዎ በፊት ባለሙያውን ይጠይቁ።

መጸዳጃ፣ ሦስቱም በሮች ላይ፦
የሽንት ምርመራ ታዞልዎት ከሆነ መጀመሪያ ከ9 ቁጥር ዕቃ ይውሰዱ።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ማንም እንዳይተዋቸው። አንዳንድ የሆድ አልትራሳውንድ ፊኛ ሲሞላ ነው የሚታየው። ታካሚው መጸዳጃው አጠገብ ተቀምጦ ሲጠብቅ ገብቶ ከወጣ እንደገና ውኃ ጠጥቶ ሊጠብቅ ነው። የሽንት ናሙና የታዘዘለትም እንደዚያው። ሁለት መስመር ጽሑፍ ይህን ሁሉ መመላለስ ያስቀራል።

አሰቃቀል

የክፍል ሰሌዳ በሩ ላይ አይለጠፍም፤ በሩ ሲከፈት ይደበቃል። ከመያዣው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ይሁን። የሰሌዳው መሃል ከወለል 140 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ዊልቸር ላይ ያለም የቆመም ያየዋል። የክፍሉ ቁጥር ከፍ ብሎ በእጅ የሚዳሰስ ይሁን፣ ከሥሩ በብሬል ይጻፍ። የመጸዳጃ ሰሌዳዎች ብቻ ከግድግዳው ወደ ኮሪደሩ ወጣ ብለው በሁለት ፊት ይሠሩ። እነዚህ ከራስ በላይ ስለሚሰቀሉ ቁጥርም ብሬልም የላቸውም። የሚወጡትም የሚንጠለጠሉትም ሰሌዳዎች ታችኛው ጠርዝ ከወለል ከ220 ሳንቲ ሜትር በታች አይውረድ።

ከታፔላው አጠገብ ፖስተር፣ የቀን መቁጠሪያ ወይም በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አይኖርም። አዲስ ማሳሰቢያ ካስፈለገ በመጠን ሐ ይታዘዛል።

ወደ ሥራ ከመገባቱ በፊት ሁሉም በወረቀት በትክክለኛው መጠን ታትሞ በቦታው ይለጠፍ። ከዚያ ቤቱን የማያውቁ ሰዎች ይግቡና «ካርድ አውጡ፣ ላቦራቶሪ ሄዳችሁ ተመለሱ፣ መድኃኒት ወስዳችሁ ውጡ» ይባሉ። ቢያንስ አንዱ ማንበብ የማይችል፣ አንዱ ዓይኑ የደከመ ሰው ይሁን። ማንም አይምራቸው። ቆም ብለው ግራ የተጋቡበት ቦታ ሁሉ ወለሉ ላይ ምልክት ይደረግበት። ሠሪው መቁረጥ የሚጀምረው እነዚያ ቦታዎች ከተስተካከሉ በኋላ ነው።