የጣቢያ ሀ ግራፍ መልስሽ ታርሟል

መልስሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከ10 የሰጠሁሽ 4 ነው። አትደንግጪ። ሁለት ቦታ ላይ ግራፉን አሳስተሽ አንብበሽዋል፤ ከዚያ በኋላ የጻፍሽው አብሮ ተበላሸ። እነሱ ሲስተካከሉ ነጥቡ ቶሎ ይመለሳል።

ጥያቄው እንዲህ ነበር። (ሀ) የጣቢያ ሀን የዝናብና የሙቀት ሁኔታ ከግራፉ በመነሳት ግለጹ፤ 4 ነጥብ። (ለ) የዝናቡ ሥርጭት የእርሻ ወቅቶችን እንዴት እንደሚወስን አስረዱ፤ 6 ነጥብ። ጣቢያው በ12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። የግራው ዘንግ ዝናብ ነው፤ ከ0 እስከ 300 ሚሊ ሜትር። የቀኙ ሙቀት ነው፤ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ።

ከግራፉ የሚነበቡት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

| ወር | ዝናብ (ሚ.ሜ.) | ሙቀት (ዲግሪ) |
|---|---|---|
| ጃንዋሪ | 0 | 21 |
| ፌብሩዋሪ | 0 | 24 |
| ማርች | 2 | 28 |
| ኤፕሪል | 12 | 31 |
| ሜይ | 60 | 30 |
| ጁን | 115 | 28 |
| ጁላይ | 200 | 26 |
| ኦገስት | 270 | 25 |
| ሴፕቴምበር | 130 | 26 |
| ኦክቶበር | 15 | 27 |
| ኖቬምበር | 0 | 24 |
| ዲሴምበር | 0 | 21 |

ያንቺ መልስ ደግሞ ይኸው፤ አንድም ቃል አልነካሁበትም፦

«ጣቢያ ሀ ሞቃታማ ነው። በጣም የሚሞቀው ኦገስት ሲሆን ሙቀቱ 36 ዲግሪ ይደርሳል። ዓመታዊ ዝናቡ 67 ሚሊ ሜትር ነው። ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ምንም ዝናብ የለም። ጁን ላይ ባሩ ከሙቀት መስመሩ በታች ስለሆነ ጁን ደረቅ ወር ነው። ገበሬዎች ብዙ ዝናብ በሚጥልበት በኦገስት ይዘራሉ። ዝናቡ ሲያልቅ ያጭዳሉ። በየዓመቱ ዝናቡ በሜይ ስለሚጀምር ገበሬው መቼ እንደሚያርስ ያውቃል። ስለዚህ ዝናብ ለእርሻ በጣም አስፈላጊ ነው።»

ክፍል ሀ፦ 2 ከ4

የዝናቡን ወራትና የደረቁን ወራት በትክክል ለይተሻል። ሁለቱ ነጥቦች የእነሱ ናቸው።

36 ዲግሪ ከየት እንደመጣ ፈልጌ አገኘሁት። የኦገስትን ባር ጫፍ ይዘሽ ወደ ቀኝ ሄደሻል። ባሩ 270 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጫፉ በቀኙ ዘንግ ላይ ልክ 36 አጠገብ ያርፋል። ባር ግን የዝናብ ነው፣ የሚነበበውም ወደ ግራ ብቻ ነው። ወደ ቀኝ የሚነበበው መስመሩ ነው። የኦገስትን የመስመር ነጥብ ይዘሽ ወደ ቀኝ ብትሄጂ 25 ታገኛለሽ። ይህን ስህተት በየክፍሉ አየዋለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማንበብ ከመጀመርሽ በፊት በግራው ዘንግ ላይ «ባር»፣ በቀኙ ላይ «መስመር» ብለሽ በእርሳስ ጻፊ።

ይህች አንዲት ንባብ ያበላሸችብሽን ደግሞ እዪው። ኦገስት በጣም ሞቃት ወር ነው ብለሻል። እንዲያውም ከዲሴምበርና ከጃንዋሪ፣ እንዲሁም 24 ዲግሪ ከሆኑት ከፌብሩዋሪና ከኖቬምበር በስተቀር ከሁሉም ወራት የቀዘቀዘው እሱ ነው። ሞቃቱ ኤፕሪል ነው፣ 31 ዲግሪ። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ታገኚያለሽ። በ12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ አንዴ ኤፕሪል መጨረሻ አካባቢ፣ አንዴ ደግሞ ኦገስት መጨረሻ አካባቢ። ታዲያ ለምን ኤፕሪል ብቻ ይሞቃል? በኦገስት ሰማዩ ደመና ነው፣ መሬቱም እርጥብ ነው። ደመናው ጨረሩን ይመልሳል፤ የደረሰውም ሙቀት ቢሆን ብዙው ውሃ በማትነን ያልቃል። ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ እሰጥሽ ነበር።

«ዓመታዊ ዝናቡ 67 ሚሊ ሜትር» ያልሽው ደግሞ አማካይ ስላወጣሽ ነው። የሙቀት አማካይ ይወጣል፣ ዝናብ ግን ይደመራል። ድምሩ 804 ሚሊ ሜትር ነው፤ 804 ለ12 ሲካፈል 67 ይመጣል። 67 ሚሊ ሜትር በዓመት የሚዘንብበት ቦታ በረሃ ነው። እዚያ ስለ መዝራትና ስለ ማጨድ መጻፍሽ ራሱ ጥያቄ ሊያስነሳብሽ ይገባ ነበር። መልስሽ ከራሱ ጋር ሲጣላ ቆም በይ።

ያላነሳሽው ግን ልታነሺው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያለው ዝናብ 715 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዓመቱ 89 በመቶ ገደማ። «ዝናቡ በአራት ወር ውስጥ የተጨመቀ ነው» ብለሽ ይህን ቁጥር ካስከተልሽ፣ ለክፍል ለ መሠረት ጥለሻል ማለት ነው።

ክፍል ለ፦ 2 ከ6

አንድ ነጥብ ለአጨዳው፣ አንድ ነጥብ ዝናቡ መጀመሩን ከእርሻ ጋር ስላገናኘሽ።

መጀመሪያ ጁን። «ባሩ ከመስመሩ በታች ስለሆነ ደረቅ ነው» ያልሽው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ባርና መስመር እያወዳደሩ ደረቅ ወር የሚለዩበት ግራፍ አለ። ያ ግን የሚሠራው ሁለቱ ዘንጎች ተመጣጥነው ሲሳሉ ነው፦ 10 ዲግሪ ከ20 ሚሊ ሜትር ጋር እኩል ከፍታ ላይ። ያንቺ ግራፍ እንዲህ አልተሳለም። በእሱ ላይ 10 ዲግሪ ከ75 ሚሊ ሜትር ጋር ትይዩ ነው። ስለዚህ በዓይን ማወዳደር ያታልላል፤ በስሌት ሂጂ። የወሩ ዝናብ በሚሊ ሜትር ከሙቀቱ እጥፍ ካነሰ ወሩ ደረቅ ነው። ጁን፦ 28 ሲታጠፍ 56። ዝናቡ 115። እርጥብ ነው፣ አያጠራጥርም። ኦክቶበር፦ 27 ሲታጠፍ 54፣ ዝናቡ 15። ደረቅ። ሜይን ራስሽ ሞክሪው፦ 30 ሲታጠፍ 60፣ ዝናቡም 60። ልክ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ገበሬውንም የሚያስጨንቀው ይኸው ወር ነው።

ዋናው ጉዳይ «በኦገስት ይዘራሉ» ያልሽው ነው። ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ እንድትቆዪ እፈልጋለሁ። ብዙ ተማሪ ረጅሙን ባር ያይና መዝራትን እዚያ ላይ ይለጥፋል። ሰብሉ ግን ረጅሙን ባር የሚፈልገው በሚዘራበት ቀን አይደለም። በቁጥር እንየው። በ120 ቀን የሚደርስ የማሽላ ዝርያ ያዢ፤ የሚያብበው በ65ኛው ቀን ገደማ ነው እንበል። ጁን 10 ቢዘራ ኦገስት 14 ላይ ያብባል፣ ኦክቶበር 8 ላይ ይደርሳል። ማበቢያውና ፍሬ መያዣው፣ ማለትም ውሃ ቢያጥረው ክፉኛ የሚጎዳበት ጊዜ፣ 270 ሚሊ ሜትር ከሚጥልበት ወር ጋር ገጠመ። እህሉ ሲደርቅ ደግሞ ዝናቡ ወጥቷል፤ አጨዳውና ውቂያው በደረቅ አየር ይሆናል።

አሁን ያንቺን እንሞክረው። ኦገስት 1 ቢዘራ የሚያብበው ኦክቶበር 5 ላይ ነው። የኦክቶበር ዝናብ ስንት ነው? 15 ሚሊ ሜትር። የሚደርሰው ኖቬምበር 29፣ ዝናቡ ዜሮ በሆነበት ወር። አፈሩ ያጠራቀመው እርጥበት ትንሽ ያስኬደው ይሆናል እንጂ ፍሬው ተጨማዶ ይቀራል። በዚያ ላይ ዘሩ የሚወድቀው በዓመቱ ከባድ ዝናብ መሐል ነው። ውሃ ይተኛበታል፣ ጎርፍ ያጥበዋል፣ በጭቃም ማረስ መከራ ነው።

ስለዚህ ግራፉን ለእርሻ ስታነቢ ሦስት ነገር ፈልጊ፦ ዝናቡ መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል፣ በመሐሉ ያለው ጊዜ ለሰብሉ ይበቃል ወይ። ከፍተኛው ወር አራተኛ ጥያቄ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ፋኦ የሰብል ማደጊያ ጊዜን ሲለካም የሚነሳው ከረጅሙ ባር አይደለም። ዝናቡ፣ ውሃ በበቂ ቢኖር ኖሮ ከመሬትና ከዕፅዋት ሊተን ይችል ከነበረው ግማሹን ሲያልፍ ወቅቱ ጀመረ ይላል። ዝናቡ ከወጣ በኋላም በአፈር ውስጥ የቀረው እርጥበት እስኪያልቅ ድረስ ወቅቱን ያራዝመዋል።

«በየዓመቱ ዝናቡ በሜይ ስለሚጀምር» የሚለውን አጥፊው። የአየር ንብረት ግራፍ የብዙ ዓመት አማካይ ነው፤ በተለምዶ የ30 ዓመት፣ ለምሳሌ ከ1991 እስከ 2020። 60 ሚሊ ሜትር የሚለው ባር፣ አንዱ ዓመት 120 ሌላው ዓመት 0 ቢሆንም ያው 60 ነው። በሜይ መጀመሪያ አንድ ከባድ ዝናብ ወርዶ ከዚያ ሁለት ሳምንት ጭጭ ሊል ይችላል። በዚያች ዝናብ ተታሎ የዘራ ገበሬ ቡቃያው ይቃጠልበትና ዳግም ዘር ፍለጋ ይሄዳል። ግራፉ ይህንን አያሳይም። አያሳይም ብለሽ መጻፍሽ ግን ነጥብ ያስገኛል።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርሽን ሰርዣታለሁ። «ዝናብ ለእርሻ በጣም አስፈላጊ ነው» ግራፉን ያላየ ሰውም ይጽፈዋል። በእሷ ቦታ ማነፃፀሪያ ብታስገቢ ይሻላል። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ዝናቡ በቀዝቃዛው ወራት ስለሚጥል ስንዴ በመጸው ይዘራል፣ በሞቃቱ ደረቅ ወቅት መጀመሪያ ይታጨዳል። በናይሮቢ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ከማርች እስከ ሜይና ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር፣ ስለዚህ ሁለት የመዝሪያ ጊዜ አለ። ጣቢያ ሀ አንድ ጫፍ ብቻ ስላለው በዝናብ ብቻ አንድ ምርት ነው። ሁለተኛ ከተፈለገ መስኖ ግድ ነው።

የአንድ አንቀጽ አጀማመር ልስጥሽ፣ ቀሪውን ራስሽ ቀጥዪ፦

«የጣቢያ ሀ ዝናብ 89 በመቶው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ስለሚጥል የእርሻው ዓመት በዚህ መስኮት ይወሰናል። መሬቱ በኤፕሪልና በሜይ ይዘጋጃል። ዝናቡ በጁን ሲረጋጋ ይዘራል፣ ምክንያቱም...»

ከ«ምክንያቱም» በኋላ ቢያንስ ሁለት ቁጥር ከግራፉ እንዲኖር እፈልጋለሁ። አረሙን፣ አጨዳውንና አስተማማኝ ያልሆነውን ሜይን አትርሺ። ክፍል ሀን አሁን ተይው፣ ክፍል ለን ብቻ እንደገና ጽፈሽ ሐሙስ አምጪልኝ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ።